«ሰብሳቢ ይሁኑልን» ለሚል ጥያቄ የእምቢታ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?

ደሴ ውስጥ 34 ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሦስት ሰዎች ቤቴ መጡ። አንዱ የሰፈራችን ሼህ ናቸው። ሁለተኛው የዕድሩ ዳኛ። ሦስተኛው ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። ልጅ እላለሁ እንጂ አሁን የሦስት ልጆች አባት ነው። አቦሉ አልፎ ቶናው ሲቀዳ ነገሩን አወጡት። የሰፈሩ የአገር ሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ ዕድሜያቸው ስለገፋ ወርደዋል፤ «እርስዎን መርጠናል» አሉኝ። «ልንመርጥ አስበናል» አላሉም። ስሜ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል ማለት ነው።

እኔ ግን አልፈለግኩም። ይህን ወረቀት ላይ ለማስፈር ሦስት ረቂቅ ፈጀብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎችን የደብዳቤ አጻጻፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የመጀመሪያውን ረቂቄን ተማሪ ቢያመጣልኝ ከአሥር አራት አልሰጠውም ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ጡረተኛ ጓደኞቼ ተመሳሳይ ጥያቄ መጣባቸውና «ያንን ደብዳቤህን ስጠን» አሉኝ። ደብዳቤው እንዳለ ቢገለበጥ አይሠራም። ምክንያቱ የእኔ ነውና። አሠራሩን ግን እነሆ።

ለምን እምቢታችን አይሰማም?

እኛ ዘንድ የመጀመሪያ እምቢታ እምቢታ አይደለም። ማዕድ ላይ «በቃኝ» ያለ ሰው ይጨመርለታል። «በሞቴ» ይባላል፣ ይጎረሳል። እንግዳውም ይህን ስለሚያውቅ ገና ሳይጠግብ «በቃኝ» ይላል። ሹመት ላይም እንዲሁ ነው። «እኔ ለዚህ አልበቃም» ብለው ሲጽፉ ሽማግሌዎቹ የሚያነቡት «ትሑት ሰው ነው፣ አንድ ጊዜ እንደገና እንሂድበት» የሚለውን ነው። ስለዚህ ደብዳቤው የሚፈተነው በአንድ ነገር ነው፤ ያነበበው ሰው ትህትና ነው ወይስ ውሳኔ ነው ብሎ ከጠየቀ ወድቋል።

ሌላም ነገር አለ። ወሎ ውስጥ አበጋር የሚባሉ አስታራቂ አባቶች አሉ። የእነሱ ነገር በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ስለሆነ ማንም በቃለ ጉባኤ አይመርጣቸውም። የእኛ የሰፈር ጉባኤ ግን ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ መዝገብና ማኅተም ያለው ነው። በጽሑፍ የተመረጠ ሰው በጽሑፍ ካልወጣ ሰብሳቢ እንደሆነ ይቆያል። የተጣላ ሰው በሩን ያንኳኳል፣ የእርቅ ወረቀት ፊርማውን ይጠብቃል። በቃል ብቻ እምቢ ያለ አንድ ወዳጄ ሰባት ወር ሙሉ ሳይሰበስብ ሰብሳቢ ሆኖ ነበር።

መጀመሪያ ቀን ቀጥረው ይሸኟቸው

ሰዎቹ እንደተቀመጡ አይመልሱ። እሺም እምቢም አይበሉ። እዚያው እምቢ ካሉ አላሰቡበትም ይባላል። «እስቲ ላስብበት» ብቻ ካሉ ደግሞ ግማሽ እሺ ሆኖ ፒያሳ ይደርሳል። እኔ «እስከ ሐሙስ መልሴን በጽሑፍ አደርሳለሁ» አልኳቸው። ጉባኤው የሚቀመጠው በሚቀጥለው እሑድ፣ ጥቅምት 17 ስለነበር ሐሙስ በቂ ነው። ሌላ ሰው ለማሰብ ሦስት ቀን ይኖራቸዋል። ደብዳቤው ስብሰባው ዋዜማ ሲደርስ ሰው ይናደዳል፤ እውነትም አለው።

«በጽሑፍ» የሚለውን ቃል ያኔውኑ መጣል ጥሩ ነው። በኋላ ደብዳቤ ሲመጣ «ፊት ለፊት መናገር ፈርቶ ነው» እንዳይባል።

ደብዳቤው ከመድረሱ አንድ ቀን በፊት ደግሞ ከመጡት ሰዎች በዕድሜ ትልቁን ቤታቸው ሄደው በቃል ይንገሩ። እኔ ረቡዕ ከዓሥር በኋላ ሼሁ ጋ ሄድኩ። «ነገ የሚመጣው ወረቀት እምቢታ ነው፤ ከወረቀቱ በፊት ከእኔ አፍ ይስሙት» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ምክንያቱ ይጻፋል?» ብለው ጠየቁኝ። ይጻፋል አልኩ። «እንግዲያው ጥሩ» አሉ። እሑድ ዕለት ደብዳቤው ሲነበብ ያልደነገጡት ሰው እሳቸው ነበሩ፤ ያልደነገጠ ሽማግሌ አንድ መኖሩ ብዙ ነገር ያቀላል።

ምክንያትዎን ባጃጅ ላይ ይሞክሩት

አብዛኛው ሥራ እዚህ ነው። የሚሰጡት ምክንያት አንድ መሆን አለበት፣ እውነት መሆን አለበት፣ ሽማግሌዎቹም ሊፈቱልዎ የማይችሉት መሆን አለበት። ሦስተኛው ነው የሚረሳው።

የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ «ጉልበቴን ስለሚያመኝ» ብዬ ነበር። ጉልበቴን ያመኛል፣ ውሸት አይደለም። የደሴን ዳገት የሚያውቅ ይፈርደኛል። ረቂቁን ለባለቤቴ አነበብኩላት። እጇን ከሽንኩርቱ ሳታነሳ «ባጃጅ ይመድቡልሃል» አለችኝ። አለቀ። ባጃጅ ከተመደበልኝ ምን ልል ነው? እሺ ካላልኩ ምክንያቴ ጉልበቴ አልነበረም ማለት ነው። ሽማግሌዎች ሰው ሲያድበሰብስ በማየት ነው ያረጁት። ወዲያው ይገባቸዋል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ምክንያት እንዲህ ይጠይቁት፤ «ይህን ቢያነሱልኝ እቀበላለሁ?» ከሆነ ደብዳቤ አይጻፉ፤ ሄደው ይደራደሩ። ካልሆነ ምክንያቱን ይጣሉት። ሁለተኛው ረቂቄ «ጊዜ የለኝም» ይል ነበር። ጡረተኛ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ይዤ ፀሐይ ስሞቅ መንገደኛው ሁሉ ያየኛል። እሱንም ቀደድኩት።

በሽታን ያለ ምክንያት ስለመጥራትም አንድ ነገር ልበል። «ጤንነቴ አይፈቅድም» የሚለው አገላለጽ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመቻል። ለሰፈር ግን አይሆንም። ሰፈር ጠያቂ ነው። ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ይመጣል። የጎረቤት እናት እያለቀሰች ገብታ እርስዎ አጥር ሲያጥሩ ብታገኝዎት ምን ይላሉ? በእርግጥ የታመሙ ከሆነ ይጻፉት፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያለ ዝርዝር።

ታዲያ እውነተኛው ምክንያቴ ምን ነበር? እሱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ የተገኘውም ካየሁት ነገር ነው።

ጡረታ እንደወጣሁ ጉባኤው ላይ ተራ አባል ሆኜ ተቀምጬ አውቃለሁ። አንድ ቀን ሁለት ወንድማማቾች በውርስ ግቢ ላይ ተጣልተው መጡ። ሁለቱንም አስተምሬያቸዋለሁ። ነገሩ በአርባ ደቂቃ አለቀ። እኔ ጠየቅኩ፣ እነሱ መለሱ፣ መካከል ላይ አጥር ይግባ ተባለ፣ ተሳሳሙ። ሁላችንም ደስ አለን። በሦስተኛው ሳምንት ታናሽየው የጋራውን ባሕር ዛፍ ቆርጦ ሸጠ፤ ነገሩ ከፊተኛው ብሶ ተመለሰ። ያን ቀን እኔ ለቅሶ ሄጄ አልነበርኩም። ሼሁ ብቻቸውን ሦስት ሰዓት ሰሟቸው። ለካስ ጠቡ ግቢው አልነበረም። የእናታቸውን የሕክምናና የሰደቃ ወጪ ማን ከፈለ የሚለው ነበር። በእኔ ፊት ለምን አላነሱትም? ትልቅየው ኋላ መንገድ ላይ አግኝቶኝ የነገረኝን አልረሳውም። «ቲቸር፣ እርስዎ ሲጠይቁኝ ትክክለኛውን መልስ ነው የምፈልገው» አለኝ።

ክፍል ውስጥ የሆንን መስሎት ነበር። እጁን አጣጥፎ «እሺ» ያለኝም የተማሪ እሺ ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይባላል። የተማሪ እሺ ግን ደወል እስኪደወል ነው።

ይህ ለሽምግልና ትንሽ ነገር አይደለም። ሽማግሌ ፖሊስ የለውም። ስምምነቱ የሚጸናው ባለጉዳዮቹ ፈቅደው ስለገቡበት ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በሃይማኖት ወይም በባህል ሕጎች እንዲታዩ በር ሲከፍት ያስቀመጠው መሠረት የተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ከአርባ ዓመት በታች ካለው ሰው ብዙው በእኔ እጅ አልፏል። በእኔ ሰብሳቢነት የሚፈርመው ሁሉ ፈቅዶ ይሁን አፍሮ እርግጠኛ መሆን አልችልም። ባጃጅ ይህን አያነሳልኝም።

የእርስዎ ሌላ ሊሆን ይችላል። ምናልባት ወንድምዎ ጉባኤው ፊት ጉዳይ ይኖረዋል። ምናልባት የታመመ ሰው እያስታመሙ ነው፤ ሽምግልና ደግሞ ሌሊትም ይጠራል። ወይም በቀላሉ አይፈልጉም። «አልፈልግም» ምክንያት መሆን ይችላል ወይ የሚለው ያከራክራል። እኔ ይችላል ባይ ነኝ፤ ግን «ከዚህ በኋላ የሕዝብ ኃላፊነት ላለመውሰድ ወስኛለሁ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። እንዲያ ከጻፉ ደግሞ በሚቀጥለው ወር የሌላ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነው መታየት የለም።

አጻጻፉ

አንድ ገጽ። ሁለተኛ ገጽ ከገባ እየተከራከሩ ነው። እጅ ጽሑፍዎ የሚነበብ ከሆነ በእጅ ይጻፉት፤ ለሰፈር ደብዳቤ ክብር ነው። ካልሆነ ኮምፒዩተር ቤት ያስጽፉት። ያን ጊዜ ግን ጸሐፊዋ ልጅ «ላስተካክልልዎ» ብላ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ እንዳትጨምርበት አጠገቧ ይቁሙ። ቀኑና ከተማው ከላይ በቀኝ ይገባል። ከሥሩ «ለ» ብለው ጉባኤውን ይጻፉ፤ ለሰብሳቢ አይጻፉ፣ ሰብሳቢ የለምና። ቀጥሎ «ጉዳዩ» ይመጣል።

ጉዳዩ ላይ እንዳያፍሩ። እኔ መጀመሪያ «ጉዳዩ፦ ስለ ተሰጠኝ ኃላፊነት» ብዬ ነበር። ይህ እሺ የሚል ደብዳቤም ርዕስ መሆን ይችላል። መልሱ ርዕሱ ላይ ይቀመጥ። ጸሐፊው ፖስታውን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ሰላምታው ላይ ይጠንቀቁ። የእኛ ጉባኤ ውስጥ ሼህም ቄስም አሉ። በስመ አብም በቢስሚላህም የጀመረ ደብዳቤ ግማሹን ቤት እንግዳ ያደርጋል። ወሎ ለዚህ መላ አለው፤ «ፈጣሪ» እንላለን። ሴቶች አባላት ካሉ «አባቶች» ብቻ ብሎ ማለፍም ነውር ነው።

የመጀመሪያው አንቀጽ ጥያቄውን መቀበልዎን፣ ምስጋናዎንና መልስዎን ይያዝ። ሦስቱም አንድ ላይ፣ በአራት አጭር ዓረፍተ ነገር። ምስጋናው ከአንድ ዓረፍተ ነገር ከበለጠ እሺ የሚመጣ ይመስላል። ደብዳቤው ጮክ ተብሎ ነው የሚነበበው፤ ሰሚው መልሱን ለአንድ ገጽ ካስጠበቁት ሲደርስበት ይከፋዋል።

ሁለተኛው አንቀጽ ምክንያቱ ነው። እዚህ ላይ የባለጉዳይ ምሥጢር እንዳያወጡ። ስለ ወንድማማቾቹ ለእናንተ አዟዙሬ፣ ምልክቱን ለውጬ ነው የነገርኳችሁ። ደብዳቤው ላይ ግን ጭራሽ አልጠቀስኳቸውም። ሰፈር ውስጥ «ሁለት ወንድማማቾች» ማለት ስም መጥራት ነው።

ሦስተኛው አንቀጽ ምን እንደሚሠሩ ይናገራል። ግዴታ አይደለም። ከጻፉ ግን መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ይሁን። «በምችለው ሁሉ ከጎናችሁ ነኝ» ካሉ ሰብሳቢነቱ ያለ ወንበር ይመጣብዎታል፤ እያንዳንዱ ጉዳይ «እስቲ ቲቸርን ጠይቋቸው» ይባላል። እኔ የጉባኤው ወጣት ጸሐፊ ቃለ ጉባኤና የእርቅ ስምምነት አጻጻፍ እንደሚቸግረው አውቅ ነበር። ቀኑን ወይም የምስክሮቹን ስም የረሳ ስምምነት ኋላ ፍርድ ቤት ቢደርስ መከራ ነው። ይህ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው። ከኅዳር 7 እስከ ጥር 24 ያሉትን ቅዳሜዎች ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት ናቸው። የጥር 10ን ከተራ ስለሆነ አስወጣሁት። አሥራ አንድ ቀረ። አሥራ አንድ ቅዳሜ ብዬ ጻፍኩ።

ሌላ ሰው አይጠቁሙ። «ከእኔ ይልቅ እገሌ ቢሆን» ማለት ደግ ነገር ይመስላል። እገሌ ግን አልተጠየቀም። ቢመረጥ «የቲቸር ሰው» ይባላል፤ ባይመረጥ ያፍራል። ሐሳብ ካለዎት ለሼሁ በጆሮ ይንገሩ፤ እኔም ያን ረቡዕ ነግሬያቸዋለሁ።

ሙሉ ደብዳቤው ይኸው፦

> ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
> ደሴ
>
> ለሰፈራችን የአገር ሽማግሌዎች ጉባኤ
>
> ጉዳዩ፦ የጉባኤውን ሰብሳቢነት አለመቀበሌን ስለማሳወቅ
>
> የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣
>
> ጥቅምት 9 ቀን ሦስት ተወካዮቻችሁ ቤቴ ድረስ መጥተው የጉባኤው ሰብሳቢ ሆኜ መመረጤን ነግረውኛል። ስላከበራችሁኝ አመሰግናለሁ። ኃላፊነቱን ግን አልቀበልም። አስቤበት የወሰንኩት ነው።
>
> ምክንያቴ አንድ ነው። ወደ ጉባኤው ከሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ነበሩ። በአባልነት በተቀመጥኩባቸው ጊዜያት እንዳየሁት፣ በእኔ ፊት የሆዳቸውን ከመናገር ይልቅ ደስ ይለዋል ብለው የሚያስቡትን ይመልሳሉ። እንዲህ የተገኘ እርቅ እንደማይጸና እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ሰብሳቢው ባለጉዳዮች ሳይፈሩትና ሳያፍሩት የሚናገሩት ሰው መሆን አለበት። እኔ ያ ሰው አይደለሁም፤ ይህም በዕድሜ ወይም በልምምድ የሚለወጥ አይደለም።
>
> የጉባኤውን ጸሐፊ የቃለ ጉባኤና የእርቅ ስምምነት አጻጻፍ ለማስተማር ፈቃደኛ ነኝ። ይህንንም ከኅዳር 7 እስከ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከከተራ ቀን በቀር፣ በ11 ቅዳሜዎች ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ቤቴ አደርገዋለሁ። ከዚያ በኋላ በጉባኤው ሥራ አልሳተፍም።
>
> ስሜ በሰብሳቢነት የሰፈረበት ቃለ ጉባኤ በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲታረምና ይህ ደብዳቤ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ እጠይቃለሁ።
>
> ፈጣሪ ሰፈራችንን በሰላም ያኑርልን።
>
> ከአክብሮት ጋር
> (ፊርማና ሙሉ ስም)
> ጡረተኛ መምህር

የመጨረሻውን አንቀጽ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቃለ ጉባኤው ይታረምልኝ ማለት ግን ዋናው ነገር ነው። ካልታረመ ከዓመት በኋላ መዝገቡን የሚገልጠው ሰው እርስዎን ነው ሰብሳቢ ብሎ የሚያገኘው።

ሳይዘጋ ፖስታው

ከመዝጋትዎ በፊት አራት ቃላትን ፈልገው ያውጡ። «ለጊዜው» ካለ፣ እስከ መቼ ነው ብለው ይጠብቁዎታል። «ይከብደኛል» ካለ፣ እናግዝሃለን ይመጣል። «ቢቻል» የሚለው ደግሞ ይቻላል የሚል መልስ ይጋብዛል። አራተኛው «ይቅርታ» ነው። ይህ ያከራክረናል፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ አንድ «ይቅርታ» ይገባ ነበር ባይ ናት። እኔ ግን አላጠፋሁም። ሽማግሌ ፊት ይቅርታ ያለ ሰው ካሳ ይጠየቃል፤ ካሳው ደግሞ ሰብሳቢነቱ ነው።

ከዚያ ለአንድ ሰው ጮክ ብለው ያንብቡለት። ሲጨርሱ «ምን አለ?» ብለው ይጠይቁት። «እምቢ አለ፤ ምክንያቱም…» ብሎ ምክንያትዎን ከደገመልዎ ደብዳቤው አልቋል። «አመስግኗል» ብሎ ከጀመረ ወደ መጀመሪያው አንቀጽ ይመለሱ። የእኔን ሦስተኛ ረቂቅ የሰማው አሥረኛ ክፍል የሆነ የልጅ ልጄ ነው። «ተማሪዎችህ ይፈሩሃል፣ ስለዚህ አልሆንም ብለሃል» አለኝ። ከእኔ ደብዳቤ የእሱ ያጥራል።

አሰጣጡ

ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ ሁለቱም ላይ ይፈርሙ። ለጸሐፊው እጅ በእጅ ይስጡና ሁለተኛው ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ ቀኑን ጽፎ ይፈርምልዎት። ቅር ይለው ይሆናል። «ለመዝገብ ነው» ይበሉት። ፎቶ አንስተው የሰፈሩ ቴሌግራም ላይ አይልቀቁት። ጉባኤው ሳያነበው ሰፈሩ ካነበበው ሽማግሌዎቹን አዋርደዋል፤ ምክንያትዎ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከዚያ በኋላ የሚሰማው የለም።

ቀደም ብለው አባል ከነበሩ እጅዎ ላይ ያለውን አብረው ያስረክቡ። ማኅተም፣ የመዝገብ ቁልፍ፣ ያላለቁ ጉዳዮች ወረቀት። እኔ ጋ አንድ የዋስትና ወረቀትና ሁለት ያልተጻፉ ቃለ ጉባኤዎች ነበሩ። ጽፌ ጨርሼ ነው ያስረከብኩት። እምቢ ያለ ሰው ቤት የሰው ወረቀት ካለ እምቢታው ግማሽ ነው።

ሁለተኛው ልዑክ

ይመጣሉ። ደብዳቤው ምንም ቢጥም ይመጣሉ፤ አለመምጣትም ንቀት ይሆናልና። እኔ ጋ የመጡት በአምስተኛው ቀን ነው። አሁን አምስት ሆነዋል፤ አንደኛዋ የሟች ጓደኛዬ ሚስት ናቸው። እሳቸውን ሆን ብለው ነው ያመጧቸው፤ እኔም ብሆን አመጣቸው ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸነፈው አዲስ ምክንያት በመጨመር ነው። ደብዳቤው ላይ ያለው ምክንያት ያልበቃ ይመስለውና «ደግሞም ጉልበቴ…» ይላል። ያኔ ባጃጁ ይመጣል። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ካለው ውጪ አንዲት ቃል አይጨምሩ። ቡናው ይፈላ፣ ቆሎው ይቅረብ፣ ሁሉም ይናገር፣ እርስዎ ይስሙ። ሲጨርሱ ያንኑ ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይድገሙት።

እናትየዋ ከባድ ነገር አነሱብኝ። «እነዚያ ልጆች የሚፈሩህ ስለሚያከብሩህ ነው። እየለመዱህ ሲሄዱ ይተዉታል» አሉ። ደህና ክርክር ነው። ትንሽ ዝም አልኩ። ከዚያ ከመጡት አምስት ሰዎች መካከል ወደ ቀድሞ ተማሪዬ ዞርኩና «አንተ፣ አሁን ሆድህ ውስጥ ያለውን ንገረን፤ ሰብሳቢ ልሁን?» አልኩት። ወደ ሼሁ አየ፣ ወደ እኔ አየ። «እርስዎ እንዳሉ፣ ቲቸር» አለ።

ሼሁ ሳቁ። እናትየዋም ነጠላቸውን አስተካክለው «በሉ ቡናውን እንጠጣ» አሉ። ከዚያ በኋላ ያወራነው ስለ ዝናቡ ነው።

ከዚያ በኋላ በመጣው እሑድ ጉባኤው ቃለ ጉባኤውን አርሞ ሌላ ሰው መርጧል። ጸሐፊው ልጅ ኅዳር 7 ደብተሩን ይዞ መጣ፤ ሰባት ደቂቃ አርፍዶ።